ድብኮ ላይ የሚጠራው ስም

ብፅአትን ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ ቡና የሚነግድ ሁሉ ያውቃታል። ዕድሜዋ የሄደው እኔ መጋዘን ውስጥ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም ነው። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እያወጣች ደህናውን ወደ ጆንያው ትመልሳለች። እኔ እስማኤል ነኝ፤ ከገላባት ድንበር ማዶ የሚመጣውን ቡና ከካርቱም ገዢዎች ጋር የማገናኝ ደላላ። ወሬ እወዳለሁ፣ ቁጣም አያጣኝም፤ ይሄን እኔ ሳልሆን ገበያው ሁሉ ነው የሚመሰክረው። እሷ ደግሞ የለየላት ዝምተኛ ናት። ቡና ደግሞ አፏ ላይ አታደርስም። ቀኑን ሙሉ ቡና ውስጥ ተቀምጣ፣ ጉድ እኮ ነው!

አገርሽ ወዴት ነው ሲሏት «ከወዲያ» ብቻ ትላለች። ስንት ጊዜ ተናድጄባታለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ኢትዮጵያ ሙሉው እኮ ወዲያ ነው!» እላታለሁ። ፈገግ ትልና ቡናዋን ትለቅማለች። አንዳንዴ ደግሞ እጇን አቁማ ወደ በሩ ትዞራለች፣ ሰው የመጣ ይመስል። ማንም የለም። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም አብሬ እዞር ነበር፤ በኋላ ነገሩ ስላስፈራኝ ተውኩት።

ታሪኳን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያሳደገቻት ሴት የሞተች ሰሞን ነው። በሰባ ሰባት ጦርነቱ ሲደርስ መንደሩ በድንግዝግዝ ተነሥቶ ሸሸ። እሷ ገና ሕፃን ናት። አንዱ አፈፍ አድርጎ አህያ ላይ አስቀመጣት። እናቷን ዞር ብላ ብታይ የለችም። ያሳደገቻት ጎረቤት ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ከገቡ በኋላ፣ ለማጽናናት ይሁን ለሌላ እንጃ፣ «እናትሽ ቡናዋን ትታ መምጣት አልሆነላትም» አለቻት። ብፅአት የሚለውንም ስም ያወጣችላት ይህችው ሴት ናት። የድሮ ስሟን ለእኔም ነግራኝ አታውቅም።

«ከእኔ ቡናው በለጠባት» አለችኝ ያን ቀን፣ እጇ ቡናው ውስጥ እንዳለ። ሰሌኑ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና አብሬያት ለቀምኩ። እኔ ቡና መልቀሜ ራሱ ተአምር ነው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ጋረደው የሚባል ልጅ እግር መጣ። ከጣና በስተምዕራብ ያለ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ማኅበሩ ቡናውን የሚልከው በዩኒየኑ በኩል ነው፤ ወደ ውጭ የመላክ ፈቃድ ያለው ዩኒየኑ ነውና። ጋረደው የያዘው ናሙና ነበር፤ በየከረጢቱ፣ በየከረጢቱም ላይ ካርድ ይንጠለጠላል። ሙዳሲር የሚባለው ካርቱም ቡና እየቆላ የሚሸጥ ገዢ «ታሪኩን ሳትነግሩኝ ናሙና አትላኩልኝ፤ ከረጢቴ ላይ የማትመው እሱን ነው» ብሎ ነበር። ካርዱን በአረብኛ የምጽፈው እኔ ነኝ።

«በል አንብብ ጋሼ እስማኤል፣ ካልጣመህ እናርመዋለን» አለ ጋረደው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ድብኮ። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሜትር። የቀላው ፍሬ ብቻ ተለቅሞ፣ ሳይታጠብ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በፀሐይ የደረቀ።» ጎሽ፣ ይሄ ደህና ነው። ገዢ የሚጠይቀውም ይሄንኑ ነው። ብፅአት ድብኮ ስል እጇን ማቆሟን አየሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም።

ቀጠልኩ። «በጦርነቱ ዘመን ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ አንዲት እናት ልጄን ሳላገኝ አልሄድም ብላ ቀረች። ጓሮው ጠፍ ሆነ፤ ቡናው ግን ጥላው ስር ማፍራቱን አላቆመም። ዛሬም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለቃሚዎቻችን ድምፅዋን ይሰማሉ። ልጇን ትጣራለች።» እዚህ ላይ ትወና አማረኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ እንደ ቆላ ሴት ድምፄን ስቤ፣ ካርዱ ላይ እንደተጻፈው «ሸጊት! ሸጊት ሆይ!» አልኩ።

«አቤት!» አለች ብፅአት።

ስትመልስ ድምፁ የሕፃን ነው። ብድግ ብላ ቆማለች፤ ጭኗ ላይ የነበረው ቡና ተበትኗል።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ሸጊት እኔ ነኝ» አለች። «ድብኮ አገሬ ነው።»

ጋረደው ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ እሱን አላየችውም፤ ዓይኗ ካርዱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ያችን ድገምልኝ። ምን ሳላገኝ ነው ያለችው?»

«ልጄን ሳላገኝ አልሄድም።»

«ቡናዬን አይልም?»

«ልጄን ነው የሚለው።»

ሰሌኑ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን ያሳፍራል? ግን የደላላ ጆሮ መጥፎ ነው፤ የጋረደው ዝምታ አጠራጠረኝ። ገና ለገና ገዢ ለመያዝ የፈጠረው ከሆነ ይቺን ሴት ሁለተኛ ሊገድላት ነው። ካርዱን አፍንጫው ላይ አደረግሁለት።

«ሙዳሲር ድብኮ ድረስ ሄጄ አያለሁ ብሏል። በዚህች ሴት አምላክ፣ የቱ ነው እውነቱ?»

«እናትየዋ እውነት ናት» አለ፣ ወደ እሷ ዞሮ። «ሽማግሌዎቹ የነገሩኝ ነው፣ እታለም። ሌሎቹ ሕፃኗን እንደወሰዱ ሳታውቅ በየጓሮው ስትፈልግ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።»

«ጥሪውስ?» አልኩት።

«ጥሪውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ገዢ ታሪክ ይወዳል ብዬ ነው።»

«የማትረባ! የሞተች ሴት አፍ ላይ ቃል ታስቀምጣለህ? እግዜርን አትፈራም?» ብዬ ጮኽኩበት። ገናም ብዙ እል ነበር፤ ብፅአት እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ።

«ስሜን ማን ነገረህ?» አለችው።

«ማንም።»

«ሽማግሌዎቹ?»

«ስም አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኳቸውምም። ጽሑፉን የጻፍኩት እዚያው፣ ቡናው ስር ተቀምጬ ነው። የልጅ ስም ፈለግሁ። መጣልኝና ጻፍኩት።»

«እንዴት መጣልህ?»

«እንጃ» አለ። «እንጃ እታለም። ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬም ነበር።»

እኔ የበሩን አቅጣጫ ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። ብፅአት ግን አልፈራችም። እንዲያውም ፊቷ እንደዚያ ሲፈታ አይቼ አላውቅም።

«የጨመርከው ነገር የለም፣ ወንድሜ» አለችው። «ሰምተሃት ነው።»

እስክሪብቶ አውጥቼ ጥሪውን ከካርዱ ልሰርዝ ስል «ሰርዘው፣ ጋሼ» አለች። «እሱ ለገዢ የሚሆን አይደለም፤ የእኔ ነው። ልጇን ስትፈልግ መቅረቷን ግን ተውላት።» ሰረዝኩት። ከፍታው፣ አደራረቁ፣ ልጇን ስትፈልግ የቀረችው እናት፤ አረብኛው ይሄው ብቻ ሆነ። ሙዳሲር አነሰ ካለ ይተወው፣ ምን አገባኝ።

ጋረደው ከረጢቶቹን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ብፅአት በር ድረስ ተከተለችው።

«ስትመለስ እዚያው ቦታ ተቀመጥና ንገራት። ልጅሽ ገዳሪፍ ናት፣ ትመጣለች በላት።»

«ራስሽ ሄደሽ አትነግሪያትም?» አልኳት እኔ።

«እሄዳለሁ ጋሼ። ግን ቀድሞ ይንገርልኝ» አለች። «እሷ የምትፈልገው ሕፃን ነው። ሳይነገራት ይሄን ሁሉ አድጌ ብሄድ አታውቀኝም።»