ያ ሰውዬ ምን ይላል?

ዓይናዲስን የማያውቅ ሰው በሱቋ በር ሲያልፍ ብቻዋን የምትለፈልፍ እብድ ትመስለው ይሆናል። እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ልብስ ስሰፋ ስንት ዓመት ሰምቻታለሁና አይደንቀኝም። ሱቋ ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሁለት ወንበር አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታወጣለች። ሰው የሚያውቃት ግን በፌስቡክ ገጿ ነው። የሞተ፣ የጠፋ፣ የተመረቀ፣ አርባ የሚያወጣ ሁሉ የሚነገረው እዚያ ላይ ነው። ከደብረ ኤልያስ እስከ መርጡለ ማርያም ያለው፣ አገር ለቆ የሄደውም ጭምር፣ ጠዋት ሲነሳ ማን እንደሞተ የሚያየው በእሷ ገጽ ነው።

ታዲያ ጽሑፉን ጽፋ ስትጨርስ አትለጥፈውም። ከወንበሯ ትነሳና ደንበኛ የሚቀመጥበት ላይ ትሄዳለች። እዚያ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ጠምዝዛ፣ እሷንም ባለጉዳዩንም የሚጠላ ሰው ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች። ሰውየው ስም የለውም፤ “ያ ሰውዬ” ነው የምትለው። ያ ሰውዬ ሙሉውን አያነብም። አንዷን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ “እዩልኝ እስቲ” ብሎ ይበትናል። ስለዚህ ዓይናዲስ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ለብቻዋ አቁማ ትመረምራታለች። ማንን አመሰገነች? ማንን ወቀሰች? የተለጠፈችበት ቀን ምን የሆነበት ቀን ነው? ከፎቶው ጀርባ የቆመው ማነው? አንድ ቀን የጠፋች ጥቁር ላም ማስታወቂያ እንደዚህ ስትፈትሽ ሰምቼ፣ ላሚቱንም ፖለቲከኛ ልታደርጊያት ነው ወይ ብያታለሁ። አልሳቀችም።

አመሉ ዝም ብሎ የመጣባት አይደለም። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ወንድሟ መንግስቱ ከአዲስ አበባ ሊጠይቃት መጣ። እሷም ደስታው አላስችል ብሏት “መንገዱ ተከፍቶልን ወንድሜ በሰላም ገባ፤ ተመስገን” ብላ ከነፎቶው ለጠፈች። በዚህ ውስጥ ምን ክፋት አለ? አንዱ ለከፈተው ማጨብጨቧ ነው አለ፤ ሌላው የዘጋውን መስደቧ ነው አለ። እርስ በርሳቸው የማይስማሙት ሁሉ የመንግስቱን ፎቶ በመቀባበል ተስማሙ። ልጁ የመጣበትን ሳይጨርስ ተመልሶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም እግሩ ማርቆስን አልረገጠም። እናታቸው ስትሞት እንኳ ለቅሶ የተቀመጠው እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይናዲስ ያ ሰውዬን ሳታማክር አንድ ቃል ለጥፋ አታውቅም።

የኔታ ወልደ ገብርኤል የመጡት ባለፈው ዓመት ነው። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው በየአድባራቱ ተበትነው አለቃም መሪጌታም ሆነዋል። ልጃቸው ገዳሙ ሞቶባቸው አርባው እየቀረበ ነበር። የተበተኑት ተማሪዎቻቸው እንዲሰሙና ባይመጡ እንኳ በያሉበት በጸሎት እንዲያስቡት ፈልገው ነው ወደ ዓይናዲስ የመጡት። ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቃላቸውን ነገሯት፤ እሷ ጻፈች።

እኔ መቀሱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጄ ገዳሙ ሹፌር ነበር፤ ምጥ የያዛትን ሴት ከየጁቤ ወዲያ ካለ ገጠር ጭኖ ማርቆስ አድርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ በግፍ በጥይት ተገደለ፤ ሴትዮዋ በሰላም ተገላግላለች፤ ገዳዩን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ልጄ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ አያልፍም ነበር። ይህን ነበር ያስጻፏት። እንባ አልወጣቸውም። እኔን ነው ያስለቀሱኝ።

ዓይናዲስ ተነስታ ወንበር ቀየረች። የኔታ ይህን ልማዷን አያውቁምና ደነገጡ። ታስረዳቸው ጀመረች። “በግፍ” የሚለው ወጣ፤ ግፈኛው ማነው ሊባል ነውና። “በጥይት” ወጣ፤ የማን ጥይት የሚል ይመጣል። “ገዳዩን እግዚአብሔር ያውቀዋል” የሚለው፣ እኛም እናውቃለን ብሎ እንደ መዛት ነው አለች። ሴትዮዋ ላይ ስትደርስ የዚያን ሰውዬ ድምፅ እውነትም አወጣችው፦ የማን ሚስት ናት? ባሏ የት ነው ያለው? መንገድ በተከለከለበት ሰዓት እንዲያልፍ ማን ፈቀደለት? እኔ ራሴ፣ ነገሩን የማውቀው፣ ለአፍታ ገዳሙን ጠረጠርኩት። እንዲህ ነው ያ ሰውዬ።

“ሰው መንገድ ላይ ጥሎ አያልፍም ነበር የምትለዋስ?” አሏት የኔታ። “እሷ ምን አደረገች?”

“የኔታ፣ ማንን ማንን ጭኖ ነበር ይላሉ እኮ” አለቻቸው።

ሁለተኛው ልጃቸው አካለ ወልድ የወንድሙን ሚኒባስ ተረክቦ በዚያው መንገድ ይመላለሳል። ኬላው ላይ ስሙን የሚጠይቁት አሉ፤ ከኬላው ወዲያም የሚጠይቁት አሉ። ዓይናዲስ ይህን አልደበቀቻቸውም፤ የምፈራው ለሞተው ሳይሆን መሪ ለያዘው ነው አለቻቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ የቀረኝ እሱ ነው፣ እንዳልሽ አድርጊው አሏት። የተለጠፈው እንግዲህ ይህ ነበር፦ የመምህር ወልደ ገብርኤል ልጅ ገዳሙ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየ የአርባ ቀን መታሰቢያው በደብሩ ይደረጋል፤ በጸሎት አስቡት። ፎቶው የጉርድ ነው፤ ከጀርባው ነጭ መጋረጃ ብቻ።

ከዚያ ወንበር ላይ ሆና እንደገና አነበበችው። አንድም የምትነቀስ ቃል አልነበረችም። እኔም አሁን እንኳን ሰው ሰይጣንም ምንም አያገኝበትም ብዬ አረጋግጬላታለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ነፍስ ይማር ብቻ ነበር። በማግስቱ አንዱ በምን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች ፈርተው ዝም፣ የማያውቁት ደግሞ ጥያቄውን እያዩ ዝም። ሌላው መጣና፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ሕመምም አልተባለ፣ አደጋም አልተባለ፣ ቤተሰቡ የሚያፍርበት ነገር ባይኖር ለምን ይደበቃል አለ። ሦስተኛው ቃሉን አወጣው። ራሱን አጥፍቶ ነው አለ፤ ከሚያውቅ ሰው ሰምቻለሁ ብሎ ጨመረበት። ውሸታም።

እዚህ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬው አይነገርም። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ስንቱን ሲፈቱ የኖሩ መምህር ልጃቸው ሳይገባው ተፈታ ከተባለ፣ ልጁም እሳቸውም ናቸው የተቀበሩት። ዓይናዲስ ፊቷ አመድ መሰለ። ስትጠብቀው የኖረችው በመንገድ ጉዳይ፣ በጥይት ጉዳይ የሚመጣውን ሰውዬ ነበር። ቃል እየለቀመች ስትጥል፣ የተጣለበት ቦታ ባዶውን እንደሚቀርና ባዶውም እንደሚነበብ አላሰበችም። የቀሩትን ቃላት ነው የመረመረችው፤ የጎደለውን ማን ይመርምረው?

በሦስተኛው ቀን የኔታ መጡ። ራቅ ካለ ደብር አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን አለቃ የሆነ፣ ደውሎላቸው ነበር። እንደ ልጅ አሳድገው ያስተማሩት ነው። በትሕትና፣ እየተርበተበተ፣ የኔታ ይቅር ይበሉኝ፣ ፍትሐቱ በሥርዓቱ ነው ወይ የተደረገው ብሎ ጠየቃቸው። እውነቱን በስልክ ሊነግሩት አልደፈሩም፤ ስልክም ጆሮ አለው። ልጄ፣ ሥርዓቱን አውቃለሁ ብቻ ብለውት ዘጉ። ይህን ሲነግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸውን አየሁ።

ዓይናዲስ መላ ያለችውን አመጣች። የአሟሟቱን ምክንያት ሳትነካ፣ “ሥርዓተ ፍትሐቱ ተፈጽሞ በደብሩ ተቀብሯል” የምትል ዓረፍተ ነገር ልጨምር አለች። ይህች ማንንም አትከስም፣ ሐሜቱን ግን ትዘጋለች። በክፉው ወንበር ተቀምጣ ሁለት ጊዜ አነበበቻት፤ እኔም ጥሩ ናት አልኩ። አስገባቻት። ነገር ግን ፌስቡክ የታረመን ጽሑፍ ታርሟል ይላል፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ የበፊቱንም ያያል። ከሰዓት በኋላ የፊቱንና የኋላውን ጎን ለጎን አድርጎ የለጠፈ ተገኘ። ከላዩ፣ ስንጠይቃቸው ጨመሩት፣ የመምህር ልጅ ስለሆነ ነው የተፈታው የሚል ጽፎበታል።

እኔ ያኔ ደሜ ፈላ። በቃ እውነቱን ጻፊው፣ በግፍ ብለሽ፣ በጥይት ብለሽ፣ ሴትየዋንም ጨምረሽ ጻፊው አልኳት። ዓይናዲስም ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። የጀመረችውን አይቻለሁ፤ “ምጥ የያዛትን” ድረስ ጽፋ ነበር። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ያዟት።

“ተይው ልጄ” አሏት። “የሞተውን ስም ላነሳ ብዬ ያለውን አልጥልም። ገዳሙ እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም አይገድለውም።”

አስተያየት መስጫውን ዘጋችው። ጽሑፉን ላጥፋውም ብላ ነበር፤ ግን ያ ሰውዬ ይኸው አጠፉት ሊል ነው ብላ ተወችው። አርባው ወጣ። የሰፈሩ ሰው መጥቷል፤ ከተማሪዎቻቸው ግን ከሩቅ የመጣ አልነበረም። ያ አለቃም አልመጣም።

ከአርባው በኋላ ባለ ቅዳሜ የገዳሙ እናት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከባለቤታቸው ከየኔታ ጋር ገበያ ወጥተው ወደ ሱቋ ጎራ አሉ። ከልጃቸው ሞት በኋላ ቆብ ደፍተዋል። ማንበብ አያውቁም። አገሩ ሁሉ ስለ ልጄ አነበብን ይለኛል፣ እኔ ብቻ አልሰማሁትም፣ አንብቢልኝ አሏት። የኔታ ወደ በሩ ዞር አሉ። ዓይናዲስ ስልኳን አወጣችና፣ ያለ ምንም አመል፣ በራሷ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። አጭር ነው፤ ቶሎ አለቀ።

እማሆይ ትንሽ ጠበቁ። የሚቀጥል መስሏቸው ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ነፍሱን ይማረው፤ ይኼስ የሌላ ሰው ልጅ ነው” አሉ። “አሁን የኔን አንብቢልኝ።”