ከጨው በታች ያለችው መስመር

ሳንሱር ያልናት እኛው ነን፤ የሕፃናት ማቆያው ማእድ ቤት ሰዎች። በእሷ ዓይን ሳታልፍ አንዲት ቆርቆሮ ወደ ድስት አትገባም ነበርና ስሙ ልክክ አለላት። እሷም አልከፋትም፤ ጠዋት የመጋዘኑን በር ስትከፍት «ሳንሱር ገብቷል፣ ተጠንቀቁ!» ትለን ነበር። እኔ ምግብ አብሳይዋ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ የተኳረፍንበትን ቀን ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ግን ሰው ነበረች። ይህን ማንም እንዲክደኝ አልፈልግም።

የታሸገው ምግባችን ሁሉ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። አንዷ ቆርቆሮ አራት አምስት ቋንቋ ትሸከማለች፤ ለአንዱ ቋንቋ የምትደርሰው የአውራ ጣት ስፋት ናት። ፊደሉ የሰሊጥ ፍሬ አያክልም። ቆርቆሮው ደግሞ ክብ ነው። መሃሉን ስታነቡ ዳርና ዳሩ ይሸሻል፤ አዙራችሁ ዳሩን ስትይዙ መሃሉ ያመልጣችኋል፤ ስትመለሱ ሌላ መስመር ላይ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። አንድ ጊዜ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስነበብኩት። መሃሉን ደህና አነበበ፤ ዳር ሲደርስ የአንዱን ቋንቋ መስመር ከጎረቤቱ ጋር አጋባና በዓለም ላይ የሌለ ምግብ ፈጠረልን። «ይህንንስ እንኳን ለልጅ ለድመትም አልሰጥም» ብላ ሳቀችብኝ።

የእሷ ዘዴ ሌላ ነበር። ከአዲስ ጭነት አንዷን ቆርቆሮ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፤ ወረቀቱ ሲላቀቅ ሳትቀድ ትልጠዋለች፤ ከዚያ እርጥቡን መስኮት መስታወት ላይ ትለጥፈውና በማጉያ መነጽር ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። የምታውቀው አንዱን የውጭ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ያንን ግን ጥርሷን ነቅላበታለች። አንብባ ስትጨርስ መደርደሪያው ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ምልክት የሌለውን አልነካም። አለቀ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከማንም ይልቅ ለቁንጫ ነበር። ቁንጫ የምንላት የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ደቃቃ፣ ዘላይ፣ አንድ ቦታ የማትረጋ። ወተት አይስማማትም፤ አይስማማትም ስል ሆዷን ይቆርጣታል ማለቴ አይደለም፤ ትንፋሿን ይዘጋዋል። አስምም አለባት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷን ያስመዘገበች ዕለት መጋዘን ድረስ መጥታ፣ «እትዬ፣ እኔ ይህን የውጭ ፊደል አላውቅም። ቤቴ የታሸገ ነገር አይገባም። እዚህ ግን ዓይኔ እርስዎ ነዎት» አለቻት።

«ዓይንሽን አደራ ሰጥተሽኝ ትተኚያለሽ እንዴ? ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ አለሁ» አለቻት ሳንሱር። እንዲህ ነበር አነጋገሯ።

ነገሩ የደረሰ ዕለት ጠዋት የመጣው የዓሣ ቆርቆሮ ወረቀት አልነበረውም። ጽሑፉ ብረቱ ላይ ነው የታተመው፤ ቢዘፈዝፉት አይለቅ፣ ቢፍቁት አይላጥ። የድሮው ዓሣ አልቋል፤ ምሳ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ሳንሱር እንዲህ ላለው ቀን ሌላ ዘዴ ነበራት። ቀጭን ላስቲክ ቆርቆሮው ወገብ ላይ ታስርና ከምታነበው መስመር ሥር ታስተካክለዋለች፤ ቆርቆሮው ሲዞር ዓይን ወደ ሌላ መስመር እንዳይንሸራተት ላስቲኩ እንደ ማስመሪያ ይመራታል። መስመሩን ስትጨርስ ላስቲኩን ወደ ታች ታወርደዋለች። ግን የዚያን ዕለት ቀጭኑ ላስቲክ ተበጠሰ።

«እቴ፣ እስቲ ላስቲክ ካለሽ» ብላ ጮኸች።

ከጎመን እስር ላይ ፈትቼ ወረወርኩላት። ሰፊ ነበር፤ የጣት ጥፍር ያክላል። የሰጠኋት እኔ ነኝ።

እያዞረች ጮክ ብላ ስታነብ እሰማታለሁ። ዓሣ፣ ውኃ፣ የአትክልት መረቅ፣ ጨው። የቆርቆሮ ዝርዝር ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ ጨው ብዙ ጊዜ መጨረሻው አካባቢ ነው የሚመጣው። ከላስቲኩ በታች አየት ስታደርግ የሚቀጥለው ቋንቋ ምልክት፣ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላት፣ ብቅ ብለው ታዩአት። የእሷ ቋንቋ አለቀ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲሆን አይታለች። ላስቲኩን ፈታ ኪሷ ከተተችው፤ ዓይኗ ግን ወደዚያ ቦታ አልተመለሰም። ጠመኔዋን አነሳች።

በጨውና በሳጥኑ መካከል፣ ላስቲኩ ሥር፣ አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ሁለት ቃል። የወተት ፕሮቲን። ዓሣ ውስጥ ወተት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። አንዳንድ ፋብሪካ ከመረቁ ጋር ይጨምረዋል አሉን፤ ይኸው ነው መልሱ።

ቁንጫ ዓሣ ነፍሷ ነው። ሳህኗን ጠርጋ በላችና «ጨምሩልኝ» አለች። ጨመርኩላት። ብዙም አልቆየ፤ መሳል ጀመረች፤ ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷ ላይ ሽፍታው እንደ እሳት ወጣ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተቀመጠላትን መርፌ ሞግዚቷ ጭኗ ላይ ወጋቻት። ትንሽ የተሻላት መሰለን፤ ከዚያ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ሳንሱር አቅፋት ነበር፤ አምቡላንሱ ሲመጣ ከእጇ ፈልቅቀው ነው የወሰዷት። ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ልጅቷ አረፈች ብለው ደወሉ።

ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች ላስቲኩን ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ከራሴ ነው ያመጣሁት» አለች። አፌን ከፍቼ ነበር። በዓይኗ ዘጋችብኝ። ብቻችንን ስንሆን «ለምን?» ብላት፣ «አንቺ ላስቲክ ነው የሰጠሽኝ፤ ማንበብ የኔ ሥራ ነበር» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ሆኜ ብዙ አለቀስኩ፤ ግን የኔ ለቅሶ ለማን ምን ይጠቅማል?

ማንም አላባረራትም። እንዲያውም ኃላፊዋ «ማንም ሰው ይሳሳታል» ብላ አጽናናቻት። ሳንሱር ግን ምግብ መብላት ተወች፤ ቆርቆሮ በእጇ በያዘች ቁጥር ታዞረዋለች፣ ታዞረዋለች፣ አንብቤ ጨረስኩ ብላ አታስቀምጠውም። ምሳ ይዘገያል። ልጆቹ ይራባሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቲቱ መጣች። ልትጮህ ነው ብዬ ነበር፤ ልትማታም ትችላለች፤ መብቷ ነው። እሷ ግን የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ ያንን ቆርቆሮ አሳዩኝ» አለች።

ሳንሱር አንዱን አወጣች። በሁለት እጇ ያዘችው።

«የቷ መስመር ናት?»

«ይቺ ናት፣ ልጄ።»

እናቲቱ ጎንበስ ብላ ፊቷን አስጠጋች። መርፌ ክር የምታሾልክ ሴት ናት፤ ዓይኗ ጥሩ ነው። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያታል፤ ማንበብ ነው የማትችለው።

«ምን ትላለች?»

«የወተት ፕሮቲን።»

«በቃ? ይህን ያህል ናት?»

«ይህን ያህል ናት።»

እናቲቱ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ሣጥን ሳበችና ተቀመጠችበት። ጣቷን መስመሯ ላይ አድርጋ፣ «እንደገና ያንብቡልኝ» አለች። ሳንሱር አነበበችላት። «እንደገና።» አነበበችላት። አምስተኛው ላይ እኔ ጆሮዬን ይዤ ወደ ማእድ ቤት ሸሸሁ። በሩን ብዘጋውም ይሰማኛል፤ አንዷ «እንደገና» ትላለች፣ ሌላዋ ታነባለች። ልጆቹ ምሳቸውን በልተው፣ ተኝተው፣ ተነሥተው፣ ወላጆቻቸው እየመጡ እስኪወስዷቸው ድረስ አላቆሙም።