«አገልግሎታችንን ለማሻሻል»

ሰርክአዲስ ጭሮ ላይ አማርኛ ማስተማሯን ትታ በሚኒባስ ዕቃ የሚያደርስ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ከገባች ወዲህም እንጉርጉሮዋን አልተወችም።

ሆዴን ለሰው ብከፍት ሰው ይዞት ሄደ፣
አደራ ያልኩት ቃል በአገር ነጎደ።

የኩባንያው አፕ የግል መረጃ መግለጫ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነበርና፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንድትጽፈው አዘዟት። አፑን የሠራውን ሮቤልን በእያንዳንዱ መስመር «ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» እያለች አደከመችው። ስልክ ቁጥሩ ሾፌሩ ተቀባዩን እንዲጠራ ነው፤ ከተማው ዕቃው የት እንደሚወርድ እንዲታወቅ። «አገልግሎታችንን ለማሻሻል የዕውቂያ መረጃ እንሰበስባለን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሮቤል አንገቱን አከከ። ደንበኛው «ፍቀድ» ካለ፣ ስልኩ ላይ የመዘገባቸው ስሞችና ቁጥሮች በሙሉ ይወሰዳሉ፤ ስልክህ ላይ ያለ ወዳጅህ ለማን ዕቃ እንደሚልክ ታይቶም ያው ተቀባይ ከነከተማው አፑ ላይ ላንተ ይጠቆማል።

እሷም ያንኑ ሳታድበሰብስ ጻፈችው። ከመለጠፉ በፊት ለደንበኞች ጮክ ብላ ታነባለች፤ እነሱም የገባቸውን በራሳቸው አፍ ይመልሱላታል። ያን ቀን ከሂርና የመጣችው ነጋዴ ሞሚና ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አንብባ ስትጨርስ ሞሚና ከአግዳሚው ተነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አዴ ሞሚና፣ ምን ገባዎት?»

«የእህቴ ባል እኔን ስልኩ ላይ መዝግቦኛል። ሾፌር ነው፣ በዚሁ አፕ ይሠራል፤ ዕቃም ይልክበታል። እኔ ደግሞ መቻራ ላለችው እህቴ ልብስ እልካለሁ። ታዲያ እሱ እህቴን ያያታል ማለት ነው?»

እህቷ ከባሏ ቢላዋ አምልጣ ቁጥሯን ቀይራ፣ መቻራ መደበቋን ከሞሚና በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰርክአዲስ ሮቤልን ጠራችው። ኮምፒውተሩን ጎርጉሮ ቀና አለ።

«ባለፈው ሐሙስ እህትዎ ከነከተማዋ ታይታዋለች።»

ሞሚና ደወለች። እህቷ እስክታነሳ ስልኩ ደጋግሞ ጠራ። አነሳች! ሞሚና በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፣ ልብሷን እንኳ ሳታነሳ ከቤት ወጥታ ፖሊስ ጣቢያ እንድትገባ ነገረቻት፤ «እየመጣሁ ነው» ብላም ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ መናኸሪያው ሮጠች። ሰርክአዲስን ዞራ አላየቻትም።

ሮቤል ጥቆማውን ዘጋ፤ የተወሰዱትንም ስሞችና ቁጥሮች ሊያጠፋ ተቀመጠ። ኃላፊው አቶ መኮንን ጥቆማው ከተዘጋ ወዲያ መስመሩን ከመግለጫው ማውጣት ይበቃል፣ ሰው ማስደንገጥ ምን ይባላል ሲሉ ተከራከሩ። ሰርክአዲስ ግን ከጭሮ እስከ ሂርና ስንት የተደበቀ ሰው ይኖር ይሆን ብላ አሰበች። ያየው ሰው ያየውን አይረሳም፤ የታየው ሰው ደግሞ መታየቱን ማወቅ አለበት አለቻቸው። እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

ለሁሉም ደንበኞች መልእክት ላከች፦ «እስከ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያሉትን ስሞችና ቁጥሮች ወስደናል። ዕቃ የምትልኩላቸውንም ሰዎች ከነከተማቸው ለሌሎች አሳይተናል። ማድረግ አልነበረብንም። የእናንተ ለማን እንደታየ ደውላችሁ ጠይቁን።»

የቢሮው ስልክ ወዲያው ጮኸ። ከበዴሳ ነው የምደውለው ያለች ሴት ነበረች፤ ስሟን እንኳ አልተናገረችም።

«የእኔስ ለማን ታየ?»