ያልታጠፈው መቶ ብር

ሰው ቶሎ አላምንም፤ በተለይ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ጋሼ፣ ጋሼ» የሚለኝን። አሮጌ የብር ኖት የሚሰበስበውን ወጣት ሸቻ ሰፈር ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ የቀጠርኩት ምስክር እንዲበዛልኝ ብዬ ነው።

ብር ከመለወጡ በፊት የነበረ አንድ መቶ ብር ከመጽሐፍ መሀል አውጥቼ ሰጠሁት። ከመጀመሪያው ዙር ሕትመት ነው፤ እጥፋት አያውቅም። በጠርዙ ይዞ ሻከር ያለውን ሕትመት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ወደ ጫሞ ሐይቅ ዞሮ በብርሃን ሲያየው ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀው ፊት ብቅ አለ።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ስላልታጠፈ ጥሩ እከፍላለሁ። ቢታጠፍ ኖሮ ሩቡንም አያወጣም ነበር።»

ብሩን ሲያሞግስልኝ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ቦርሳውን መክፈት ሲጀምር፣ በሌላ ሊለውጥብኝ ነው ብዬ ኖቱን ከእጁ መነተፍኩት።

ከቦርሳው ያወጣው የኖት ማስቀመጫ ፕላስቲክ ነበር። መዳፌን ስከፍት ብሩ መሀል ለመሀል ታጥፏል።

«አንተ ነህ ያጠፍከው!» ብዬ ጮኽኩ።

ፕላስቲኩን ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው መለሰ።

«ጋሼ፣ የእኔን እጅ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። የእርስዎን ማን ይጠብቅ?»