አልፈርምም ያለችው ዋስ

የትነበርሽ በጎንደር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሳታነበው የፈረመችው ወረቀት የለም። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ እንኳ የራሷን መስመር ደምራ ካላረጋገጠች እስክሪብቶ አታነሳም፤ ከኋላዋ የተሰለፉት መምህራን ቢያጉረመርሙም ዞር ብላ አታያቸውም።

መምህርት ለመሆን የበቃችው በታላቅ ወንድሟ በደመቀ ትከሻ ነው። ደምቢያ ውስጥ፣ ከኮላ ድባ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ሲያድጉ አባታቸው ቀድመው ሞቱ። ደመቀ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ሞፈር ያዘ። እሷ ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ኮላ ድባ ላይ ቤት ተከራየላት፤ በየቅዳሜው ገበያ ሲወጣ ስንቋን በአህያ ጭኖ ያደርስላት ነበር። አንድም ቀን ውለታውን አንስቶባት አያውቅም። አንድም ቀን ደግሞ ምንም ለምኗት አያውቅም፣ እስከዚያ የኅዳር ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቷ መጣና ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ነው» አለ። «ነዳጅ ፍለጋ መንከራተት ቀረ። ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሻለሁ። ሁለት መቶ ሺህ ብር ነው ዋጋው፤ በሁለት ዓመት ከፍዬ እጨርሳለሁ። ሻጮቹ ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ብለውኛል። ማክሰኞ ፒያሳ ቢሯቸው ድረስ መጥተሽ ፈርሚልኝ።»

«አያ ደመቀ፣ ለአንተ ያልፈረምሁ ለማን ልፈርም ነው» አለችና ወረቀቱን ተቀበለች።

ውሉ አጭር ነበር። ዋጋው 200,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ ክፍያው በየወሩ 10,833 ብር ከ33 ሳንቲም፣ ለሃያ አራት ወር። የትነበርሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በዓመት የሚታሰበው ሠላሳ ሺህ ብር ወለድ ለሁለት ዓመት ስድሳ ሺህ፣ በድምሩ ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ፣ ለሃያ አራት ሲካፈል ይኸው ቁጥር መሆኑን በቃሏ አሰላችው።

«ምነው፣ የጎደለ አለ?» አለ ደመቀ።

«በየወሩ እየከፈልህ ዕዳህ ይቀንሳል አይደል?»

«እንዴታ!»

«እነሱ ግን ወለዱን በሁለት መቶ ሺው ላይ ነው ያሰቡት፤ እስከ መጨረሻው ወር። ወለድ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ይወስዳሉ። መጨረሻው ወር ላይ በእነሱ አቆጣጠር የቀረህ ዕዳ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው። ለስምንት ሺህ ብር የአንድ ወር ወለድ ሁለት ሺህ አምስት መቶ!»

ደመቀ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ታዲያ አሥራ አምስት ካልሆነ ስንት ነው?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ቀጥታ የሚያደርስ ቀመር የለም። ብድሩና ወለዱ ታውቆ የወር ክፍያውን ማግኘት ቀላል ነው፤ ክፍያው ታውቆ ወለዱን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ወለዱ ሃያ አራት ጊዜ በራሱ ላይ ተባዝቶ ስለሚገባ ለብቻው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ያለው መንገድ ገምቶ መሞከር፣ ስህተቱን አይቶ ማረም፣ እንደገና መሞከር ነው። የትነበርሽ የተማሪ ፈተና ወረቀት ገልብጣ ካልኩሌተሯን አነሳች።

መጀመሪያ ውሉን አመነችው። አሥራ አምስት በመቶ በዓመት ማለት በወር 1.25 ነው። በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ወለድ እየጨመረች ክፍያውን እየቀነሰች ስትሄድ፣ ከሃያ አንደኛው ክፍያ በኋላ የቀረው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር ገደማ ብቻ ሆነ። እስከ ሃያ አራተኛው ወር ከከፈለ ደመቀ ከሠላሳ አንድ ሺህ ብር በላይ ትርፍ ሰጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ወለድ ከዚህ ይበልጣል። በወር 2.5 ሞከረች፤ አሁን ደግሞ በመጨረሻው ወር አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር ያህል ዕዳ ቀረ። ወለዱ በዛ። እውነቱ በሁለቱ መካከል ታስሯል።

በደፈናው መሃሉን አልወሰደችም። አንደኛው ስህተት ሠላሳ አንድ ሺህ፣ ሌላው አሥራ አንድ ሺህ ከሆነ መልሱ ወደ 2.5 ይጠጋል፤ በስህተቶቹ መጠን ስታካፍለው 2.17 መጣ። ሞከረችው፦ 1,700 ብር ያህል ትርፍ ክፍያ። እንደገና አካፈለች፦ 2.213። ሰባ ብር ትርፍ። እንደገና፦ 2.215። በሃያ አራተኛው ወር የቀረው ዕዳ አምስት ብር ገደማ ብቻ ነበር።

«በዓመት ሃያ ስድስት ከግማሽ በላይ» አለች ካልኩሌተሩን እያስቀመጠች። «አያ ደመቀ፣ አልፈርምም።»

ደመቀ ፊቱ ጠቆረ። «ፓምፑ ሸጋ ነው። ሽንኩርቱ መደብ ላይ በቅሏል፣ ውሃ ነው የሚጠብቅ። ሃያ ስድስትም ይሁን ሠላሳ የምከፍለው እኔ ነኝ።»

«የምትከፍለውን አውቀህ ከሆነ እሺ። ውሉ ላይ ግን አሥራ አምስት ነው የሚለው። ውሸት ላይ ስሜን አላኖርም። ለአንተም ቢሆን።»

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። የትነበርሽ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃታት፤ ያ ከአህያ ላይ የሚወርድ የስንቅ ስልቻ ዓይኗ ላይ ተተክሎ ዋለ። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ክፍለ ጊዜ ስላልነበራት ፒያሳ ወደሚገኘው የማሽን ሻጩ ድርጅት ቢሮ ሄደች። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ዘጠኝ የደምቢያ ገበሬዎች ከነዋሶቻቸው ተቀምጠዋል። ደመቀ ብቻውን ጥግ ላይ ነበር፤ አየት አድርጓት አቀረቀረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፊልጶስ መልካም አነጋገር ያለው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ዋስ ሊሆኑ ነው መምህርት?»

«ውሉ ላይ ያለው ወለድ ይስተካከል ልል ነው የመጣሁት» አለች፤ በሩን ሳትዘጋ። «አሥራ አምስት አይደለም። ሃያ ስድስት ነጥብ ስድስት ነው።»

ፊልጶስ ፈገግ አለ። «እኛ ጋ ኮምፒዩተር ነው የሚያሰላው። እርስዎ በየትኛው ቀመር አገኙት?»

«ለዚህ ቀጥተኛ ቀመር የለውም። እየገመትሁ እያረምሁ ነው ያገኘሁት።»

ሰውየው ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ድምፁን ወደ ኮሪደሩ ከፍ አደረገ። «ሰማችሁ? ግምት ነው! መምህርቷ በግምት ነው ሥራችንን የሚያበላሹት!»

ከአግዳሚው አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የትነበርሽ ዞራ ለፊልጶስ ሳይሆን ለገበሬዎቹ ተናገረች።

«ገበያ ላይ በርበሬ ስታስመዝኑ ሚዛን ያዡ ምን ያደርጋል? አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ከበደ፤ ያነሳል፣ ቀለለ፤ ትንሽ ይጨምራል። የመጀመሪያው ግምት ነው። ሚዛኑ ቀጥ ሲል የሚነግራችሁ ክብደት ግን ግምት ነው?»

«አይደለም» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ቢያዝን የሚባሉ።

«እኔም ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ሚዛኑ ዕዳው ነው። ትክክለኛው ወለድ በሃያ አራተኛው ክፍያ ዕዳውን ባዶ የሚያደርገው ነው።» ወደ ፊልጶስ ዞረች። «ኮምፒዩተሩ ያስላ ብለዋል። ኤክሴል ይክፈቱ። ሁለት መቶ ሺህ ይጻፉ፣ በወር 1.25 ይጨምሩ፣ ክፍያውን ይቀንሱ፤ ሃያ አራት ጊዜ። ዜሮ ከገባ አሁኑኑ እዚህ ፊትዎ እፈርማለሁ።»

ፊልጶስ ኪቦርዱን አልነካም። «ሰዓት የለንም» አለ።

«እኔ አለኝ» አሉ አያ ቢያዝን ከአግዳሚው እየተነሱ። «ለሁለት ዓመት የምከፍል ሰው ለግማሽ ሰዓት አልቸኩልም።»

ፊልጶስ እምቢ ሲል የትነበርሽ ቦርሳዋን ከፍታ በስልኳ ላይ መስመር በመስመር እየሠራች ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሃያ ሁለተኛው ወር ላይ ስትደርስ ዕዳው አልቋል፤ ክፍያው ግን ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ከዘጠኙ ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ፈርመው ፓምፕ ሊረከቡ የመጡ ነበሩ፤ የቀሩት ሰባቱ ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሱ። ደመቀ መጨረሻ ላይ ወጣ። ደረጃውን ወርደው መንገድ ሲሻገሩ ከመኪና ሊከላከላት ክንዷን ያዝ አደረገ።

በሳምንቱ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ደረሰ፤ መምህርቷ የድርጅቱን ስም አጥፍታለች፣ በጽሑፍ ይቅርታ ትጠይቅ የሚል። ርዕሰ መምህሩ ሐብተ ማርያም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጭቅጭቅ ግን አይወዱም።

«ሁለት መስመር ጽፈሽ ብትገላገይው ምን አለ?»

«እጽፋለሁ» አለች።

የጻፈችው አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። አምስቱን ሙከራዎች ከነስህተታቸው በተርታ አስፍራ፣ ከሥሩ እንዲህ አለች፦ «በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ስህተት ያገኘ ሰው ቢኖር በሰልፍ ሜዳ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ቃሌን አላነሳም።» አንዱን ቅጂ ለድርጅቱ፣ አንዱን ለንግድ ቢሮ ልትልክ ለርዕሰ መምህሩ አቀረበች። ሐብተ ማርያም ገጹን ረጅም ሰዓት አዩት፤ ከዚያ ማኅተም መቱበት። «ሒሳቡን ባልችለውም እንደማትመለሺ ገብቶኛል» አሉ።

ስህተት አገኘሁ ያለ አልመጣም። ፓምፖቹ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው አምስት ሳምንት ቆዩ። የደመቀ የመጀመሪያ ችግኝ ደረቀ፤ ይህን ስትሰማ ልቧ ተሰበረ፤ ደውላ ይቅርታ ልትለው ስልክ ከፍታ ዘጋችው። ምን ብላ? የወሰደችው እርምጃ ልክ ነበር፤ የደረቀውም ሽንኩርት እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አልሻረላትም።

ገዢ ያጣው ድርጅት በስድስተኛው ሳምንት አዲስ ውል አወጣ። ወለዱ አሥራ አምስት በመቶ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ፤ የወር ክፍያው 9,697 ብር ከ33 ሳንቲም። በወር 1,136 ብር ቅናሽ። ደመቀ ወረቀቱን ራሱ ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ካልኩሌተሩን ወደ እሷ ገፋ።

«እይውማ።»

ሃያ አራቱንም ወር አወረደችው። መጨረሻው ላይ የቀረው ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነበር። ፈረመች።

«የሞተው መደብ ያናድደኛል» አለ ደመቀ እየተመለከታት። «አንቺ ግን ትክክል ነበርሽ። ሁለቱንም ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ሁለቱንም ሰማሁ አያ።»

ነገሩ በዚህ አላለቀም። በድሮው ውል የፈረሙት ሁለቱ ገበሬዎች አሁንም 10,833 ብር ይከፍላሉ፤ ድርጅቱ የተፈረመ ተፈረመ ብሎ ዘግቷል። የትነበርሽ ማመልከቻቸውን ጽፋ ለንግድ ቢሮው አስገብታለች። አርብ አርብ ከክፍል ስትወጣ እዚያ ትሄዳለች። ጸሐፊዋ ገና ከበሩ ስታያት «መምህርት፣ አልታየም» ትላታለች።

«እንግዲያው ሳምንት እመጣለሁ» ትላለች የትነበርሽ፤ ሳምንትም ትመጣለች።