«ያልታወቀ» የምትለዋ ቃል

ፍኖተ ሰላም አማርኛ አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል፤ አንድ ጎኑን ይዞ ያስታውከኛል፣ ብርሃን ያስጠላኛል። ዘንድሮ ሲብስብኝ ባሕር ዳር ሄጄ ኤም.አር.አይ. ተነሣሁ። ሐኪሙ ሳያየው ውጤቱ እጄ ገባ፤ ቀጠሮዬ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ማን ይታገሣል?

እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ባልደረባዬ መነጽሩን ጠርጎ አነበበልኝ። «አንጎልሽ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፤ ምንነታቸው ያልታወቀ» አለኝ። ሰው በአንዲት ቃል እንደሚገደል ያን ቀን አወቅሁ። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ከዕጢ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ልጄ ተኝታ እያየኋት ማን ያሳድግልኛል እል ነበር።

በቀጠሮው ቀን እናቴ ከቋሪት መጥታ አብራኝ ሄደች። ሻሿን እንደ ልማዷ ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

ዶክተሩ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ አየ፤ ዓይኔን፣ እጅ እግሬንና አረማመዴን መረመረ፤ የደም ግፊቴን ለካ።

«ያልታወቀ ያለሽ ማነው?» አለ። «ወረቀቱ የሚለው ‹የአንድ በሽታ ብቻ መለያ ያልሆነ› ነው። ዕድሜም፣ የደም ግፊትም፣ ሲጋራም እንዲህ ያለ ነጥብ ሊተዉ ይችላሉ። እንዳንቺ ማይግሬን የሚባለው የራስ ፍልጠት ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናየዋለን።»

«ለምን?»

«ቁርጡ ገና አልታወቀም። በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ላይ ከሚመጣ ለውጥ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ያንቺ ጥቂት ናቸው፣ ምርመራሽም ደህና ነው። ዕጢ አይደለም። ሕመሙን የሚያመጡትም እነሱ አይደሉም፤ የምናክመው ማይግሬኑን ነው።»

በደስታ አለቀስሁ። የአማርኛ መምህርት ነኝና በትርጉሙም ተናደድሁ።

እናቴ ግን ወንበሯን ወደ ዶክተሩ አስጠጋች። «የኔ ጌታ፣ እኔንም እኮ ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ይፈልጠኛል። አማቴ ‹ሥራ ጠልታ ነው› ትለኛለች። ያ ነጥብ እኔም ላይ አይጠፋምና ፎቶ አንሥተህ ስጠኝ፤ ላሳያት።»

የምትቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋት። እሷ ግን ዓይኗን ከዶክተሩ አላነሣችም።

«እናቴ» አላት ዶክተሩ ረጋ ብሎ፣ «ነጥቡ ኖረም አልኖረም ለሕመሙ ምስክር አይሆንም። ማይግሬን እያሠቃያቸው ምስላቸው ንጹሕ የሆነ ብዙዎች ናቸው። ‹አመመኝ› ካሉ አሞዎት ነው፤ ይቆዩና ስለ እርስዎም መድኃኒት እንነጋገራለን።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ በአውቶቡሱ መስኮት ማሳውን እያየች ተጓዘች። እኔ ስለ ልጄ አስባለሁ፤ ፍርሃቱ ለቆኝ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ቡሬ ስንደርስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ሰማሽው አይደል?» አለችኝ። «‹አሞዎት ነው› አለኝ እኮ።»