ቅቤ የገባበት ቲማቲም

የካቲት ሲገባ ደባርቅ በቲማቲም ትጥለቀለቃለች። ከሊማሊሞ በታች፣ በድብ ባሕርና ከዚያ ወዲያ ባለው ቆላ በመስኖ የተተከለው ሁሉ ባንድ ሰሞን ይቀላና በጭነት መኪና ጠመዝማዛውን ዳገት ይወጣል። ሻጮቹ እንዳይበሰብስባቸው ይለማመጡናል። ወሩ ካለፈ ግን ልመናው የእኛ ነው። እኔ ደግሞ ርካሽ ነገር ካየሁ አያስችለኝም። በዚያ ዓመት በባጃጅ አስጭኜ አምስት ሳጥን ይዤ ገባሁ።

አማቴ በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሳጥኖቹ ሲወርዱ አዩና፣

«ምነው ልጄ፣ ሰርግ አለብን እንዴ?» አሉኝ።

ሰርግ አልነበረብንም፤ ማኅበር ነበረብን። አማቴ ከልጅነት እስከ እርጅና የማርያምን ማኅበር ጠጥተዋል። ጉልበታቸው ሲደክም እዚሁ ደባርቅ ዳር ካለው ገጠር እኛ ዘንድ መጥተው ሲቀመጡ ቦታቸውን ለእኔ አወረሱኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረኛ የምሆነው ደግሞ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ሆነ። ማኅበርተኞቹ የእሳቸውን እጅ የለመዱ ትልልቅ ሴቶች ናቸው። እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ምራት ነኝ፤ ወጤ ቀጠነ ማለት እሳቸው ቦታቸውን ለማይሆን ሰው ሰጡ ማለት ነው። ይህ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ስለዚህ የጾሙን ምግብ ሁሉ በቲማቲሙ ላይ አቀድኩት። አራቱን ሳጥን በጨው ብቻ አንተክትኬ ድልህ አደርገዋለሁ፤ በየእሑዱ አንድ ጠርሙስ እየከፈትኩ ስልስ፣ ከዚያ የተረፈው ለምስርና ለድንች ወጥ፣ ትልልቆቹ ጠርሙሶች ደግሞ ለማኅበሩ። ጠርሙስ ችግር አልነበረም። ባለቤቴ በሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ሳንቃ በር በሚባለው ካምፕ፣ ጠባቂ ስካውት ነው፤ የቱሪስት አብሳዮች የሚጥሉትን ባዶ የጃም ጠርሙስ ሁሉ እየለቀመ ያመጣልኛል። ሌላ ሰው ለሚስቱ ሽቶ ያመጣል ብዬ እቀልድበታለሁ።

ቲማቲሙን በፈላ ውኃ ነክሬ ልጣጩን ገፈፍኩ፤ ከትፌ በትልቁ ድስት ጣድኩት። ጠርሙሶቹንም ቀቀልኩ፤ እዚህ ከፍታው ላይ ውኃ በደንብ ሳይግል ስለሚፈላ ረዘም አድርጌ ነው የምቀቅለው። ድልሁ ወፍሮ ድስቱን መያዝ ሲጀምር የጠርሙስ ክዳን አነሰኝና ጎረቤት ሮጥኩ። «እማዬ፣ እባክዎ እንዳያርር ያማስሉልኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ እንደ እንግዳ ቁጭ በይ ተባልኩ ብለው ያኮርፉ ነበር።

ስመለስ ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ሸቷል። ጉንፋን ይዞኝ ነበርና ምን እንደሆነ አልለየሁትም። በትኩሱ ሞልቼ፣ ከድኜ፣ እንደገና በፈላ ውኃ ቀቅዬ ደርድሬ ተኛሁ።

የደባርቅ ብርድ ምንም አይደብቅም። ጠዋት ጠርሙሶቹን ሳይ በእያንዳንዱ አፍ ላይ ቢጫ ነገር ረግቷል። ከፈትኩ፣ በጣቴ ነካሁ፣ ቀመስኩ። ቅቤ! ኮረሪማና ኮሰረት ያለው፣ የነጠረ ቅቤ።

«እማዬ! እዚህ ውስጥ ምን ጨመሩበት?»

«ቅቤ ጣል አደረግሁበት እንጂ። ያለ ቅቤ ምን ይጥማል ብዬ።»

«ለጾም እኮ ነው ያዘጋጀሁት!»

አማቴ ጠርሙሶቹን አዩ፤ እኔን አዩ። «ዛሬ ፍስክ አይደለም እንዴ? ዛሬ የተሠራ ወጥ ለሚመጣው ወር ይበላል ብሎ ማን ያስባል?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እየወረደ ሄደ። እኔ በሰው ላይ አልጮህም፤ ስናደድ ዕቃ ነው የማጥበው። ያን ቀን ንጹሑን ሁሉ ደግሜ አጠብኩ። ለካ ምን እንደምሠራ አንድም ቃል ሳልነግራቸው ነው ማማሰያ ያስጨበጥኳቸው።

ወደ ማታ አጠገቤ መጥተው ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ለማኅበርተኞቼ እንዳትነግሪብኝ። አርጅታ ጾምና ፍስክ መለየት አቃታት ይሉኛል» አሉኝ። ንዴቴ በዚያው ወጣልኝ። አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው።

ቅቤ የገባበት ድልህ እስከ ፋሲካ አይቆይም፤ ቢቆይም አላምነውም። ስለዚህ ለቅበላ አዋልነው። ጾም ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ የቤቱን ቅቤና ሥጋ ሙልጭ አድርጎ በሚበላበት በዚያ ሰሞን እኛ ቤት በስልስ ተንበሸበሸ፤ በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በፍርፍር። ጎረቤት ጠራን። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ጎረቤታችን የሆነችው፣ ጣቷን እስክትልስ በላች። «ለቅበላ ብለን ነው የሠራነው» አሉ አማቴ፤ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

የቀረኝ አንድ ሳጥን ብቻ ነበር። እሱን አልቀቀልኩትም። ጠንካራ ጠንካራውን መርጬ ወፈር ወፈር አድርጌ ቆረጥኩ፤ ጨው ነሰነስኩበትና በሰፌድ ላይ አሰጣሁት፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በአልጋ አጎበር ሸፈንኩት። የሰሜን ተራራ ነፋስና የቀትር ፀሐይ የዋዛ አይደሉም። ጤዛ እንዳያገኘው ማታ ማታ እናስገባለን፤ ጠዋት ገልበጥ አድርገን መልሰን እናወጣለን። ጠላታችን ቁራ ነበር። አማቴ በረጅም ዱላ ዘብ ቆሙ፤ «ዐፈር ብላ! የማርያምን ልትበላ?» እያሉ ሲራገሙ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ያ ሙሉ ሳጥን እንደ ቆዳ ሲደርቅ ጥቂት ጠርሙስ ሞላ። ዕቅዴንም ከለስኩ፦ የእሑዱ ስልስ ቀረ፤ ቤተሰቡ ሽሮና ምስር ያለ ቲማቲም ይበላል፤ ደረቁ በሙሉ ለማኅበሩ። ባለቤቴ «ቲማቲሙን በዓይኔ ብቻ ልብላ?» ብሎ አላገጠ።

የማኅበሩ ዕለት ደረቁን በሙቅ ውኃ አርሼ ወቀጥኩት፤ ቀይ ሽንኩርት በዘይት በደንብ አቁላልቼ ጨመርኩበት። ወጡ ወፍሮ ዘይቱ ልክ እንደ ቅቤ ከላይ ጠለለ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ ጸሎት ተደረሰ፤ መሶቡ ቀረበ። ያቺ ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«አበስኩ ገበርኩ! ይኸ የቅበላው ነው። ቅቤ አለበት!»

እጅ ሁሉ ከመሶቡ ላይ ተነሣ። በጾም እኩሌታ፣ በማርያም ማኅበር፣ በመጀመሪያ ተራዬ! «የለበትም፣ በማርያም!» አልኩ፤ ግን ቅበላ ላይ ያንኑ ቲማቲም በቅቤ ያበላኋት እኔው ነኝ፤ ማን ያምነኛል? እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ ምያለሁ።

አማቴ ከጥግ ካለው መደብ ተነሡ። ዱላቸውን ይዘው መጡና ሙሉ ጉርሻ ጠቅልለው ጎረሱ። አላምጠው፣ ውጠው፣ ዞር ብለው አዩን።

«ብሉ። የቅበላውን ቅቤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ለእናንተ ለጾም ያዘጋጀችውን፣ እኔ አሮጊቷ ሳልጠይቅ ቅቤ ገለበጥኩበት። ለቅበላ ብለን ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ይኸኛውን ግን ከቁራ ጋር ተደባድቤ ያደረቅሁት ነውና አውቀዋለሁ፤ ጨውና ፀሐይ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ያቺው ጎረቤት ናት። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እጆቹም ወደ መሶቡ ተመለሱ። አማቴ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! ታሪኩን ደግመው ደጋግመው አወሩት፤ በየዙሩም ጭማሪ አለው። በመጨረሻው ላይ፣ ጠዋት ጠርሙሶቹን አይታ ልጄ ተንሰቅስቃ አለቀሰች ብለው ነገሯቸው።

ያን ጠዋት አላለቀስኩም፤ ዕቃ ነው ያጠብኩት። ያለቀስኩት እሳቸው ይህን ሲያወሩ፣ ወጥ ልጨምር ብዬ ማድ ቤት ገብቼ ነው።